አራት መቶ ቀለበት

ኮሌጃችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ኮሪደሩ ጫፍ፣ መስኮቶቹ በጥቁር ጨርቅ የተሸፈኑ አንድ ጠባብ ክፍል አለ። የፊዚክስ ላብራቶሪ የማስተምረው እኔ ስለሆንኩ ቁልፉ ያለው እኔ ጋ ነው። እዚያ ክፍል ብቻዬን መግባት ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ስገባ አንድ ሰው አስከትዬ ነው፤ ማንም ከሌለ የጽዳቷን ሴትዮ «ነይ እስቲ፣ ይሄን ያዥልኝ» ብዬ መያዝ የማያስፈልገውን ነገር አስይዛታለሁ። ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ ሴት፣ ያውም የፊዚክስ አስተማሪ፣ ባዶ ክፍል ፈራሁ ብዬ ለማን ልናገር? ሰው ይስቅብኛል። ድሬ ደግሞ አንዴ ከሳቀችብህ አለቀ፤ ሳይመሽ ቅጽል ስም ይወጣልሃል።

እዚያ ክፍል ውስጥ ያለው ዕቃ ኢንተርፌሮሜትር ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ከባድ የብረት ሰሌዳ ላይ አንድ ሌዘር፣ ሁለት መስታወቶች፣ መሐላቸው ደግሞ ብርሃን የሚከፍል ብርጭቆ ተቀምጠዋል። ከሌዘሩ የሚወጣው ቀይ ብርሃን ብርጭቆው ላይ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ ወደ አንዱ መስታወት፣ ግማሹ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ሁለቱም ተመልሰው ይመጡና ይገናኛሉ። ሲገናኙ ግድግዳው ላይ ቀይና ጥቁር ቀለበቶች ይሠራሉ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ። አንደኛውን መስታወት በማዞሪያ ቀስ አድርገህ ስታንቀሳቅሰው ቀለበቶቹ አንድ በአንድ ወደ መሐል ገብተው ይዋጣሉ። መስታወቱ የብርሃኑን ሞገድ ግማሽ በተጓዘ ቁጥር አንድ ቀለበት ይዋጣል፤ ብርሃኑ ሄዶ ስለሚመለስ መንገዱ እጥፍ ነው። ስለዚህ የተዋጡትን ትቆጥራለህ፣ መስታወቱ ስንት እንደተጓዘ ማዞሪያው ላይ ታነባለህ፣ ያንን እጥፍ አድርገህ ለቆጠራው ስታካፍል የሞገዱ ርዝመት ይወጣል። ማንም በዓይኑ አይቶት የማያውቀውን ነገር ቁጭ ብለህ ቆጥረህ ትለካዋለህ። ሃያ ምናምን ዓመት አስተምሬው አሁንም ይገርመኛል።

የክፍሉ ሕግ ብዙ ነው፤ ሁሉንም ያወጣሁት እኔ ነኝ። ማራገቢያ ማብራት ክልክል፣ ምክንያቱም የአየር ንፋስ ቀለበቶቹን ያርገበግባቸዋል። ጠረጴዛውን መደገፍ ክልክል። እጅን ብርሃኑ በሚያልፍበት አጠገብ ማስጠጋት ክልክል፤ የሰው ሙቀት ብቻውን አየሩን አሙቆ ቀለበት ያንቀሳቅሳል። ማዞሪያውን ወደ ኋላ መመለስ ክልክል፤ ከመለስከው ጥርሶቹ መሐል ያለው ክፍተት ቁጥርህን ይበላዋል፣ ከእንደገና መጀመር ነው። ውጪ ድሬ በፀሐይ ስትቀቀል እኛ እዚያ ውስጥ በጨለማ እንቀቀላለን። ተማሪዎቹ «ቲቸር፣ አቦ፣ ልንሞት ነው!» ይሉኛል። «ሙቱ፣ ግን ሳትነቃነቁ ሙቱ» እላቸዋለሁ።

አንድ ልማድም ነበረን። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ እኔ ስመጣ ነበረ። አንዱ ያዞራል፣ አንዱ ይቆጥራል፣ አሥር በሞላ ቁጥር አንድ ፍሬ ሎዝ ከአንዱ ኩባያ ወደ ሌላው ይገባል። ሌላው አገር ኦቾሎኒ የሚለውን እኛ ሎዝ ነው የምንለው። ሲያልቅ ሎዙ ይቆጠራል፣ በአሥር ይባዛል፣ ከዚያ ይበላል። ሎዝ የበላ ቡድን ሥራውን ጨረሰ ማለት ነው።

ልጅቷ የመጣችው ከመልካ ጀብዱ ነበር። ሶማሊኛ ተናጋሪ ናት፤ አባቷ በጅቡቲ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ያሽከረክራል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምጿ የማይሰማ ልጅ። ክፍል ውስጥ ሦስት ሴቶች ነበሩ፤ ሁለቱ ሲያወሩ ይውላሉ፣ እሷ ትጽፋለች። የመጨረሻ ዓመቷ ላይ፣ ከተግባር ፈተናው በፊት፣ አንድ ቀን ቢሮዬ መጥታ ነገሯን ነግራኛለች። አባቷ «ይሄ ዓመት የመጨረሻሽ ነው» ብሏታል። ሰፈሯ ያለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የላብራቶሪ ረዳት ይፈልጋል፣ በዚያው ዓመት የሚመረቅ ነው የሚወስዱት። ካለፈች ሥራ አላት። ካላለፈች ቤት መቀመጥ ነው፣ ከዚያም ባል። ይህን ስትነግረኝ ለምን እንደነገረችኝ ገብቶኛል፤ ምሕረት እየጠየቀች አልነበረም፣ ልምምድ እንድሰጣት ብቻ ነበር የፈለገችው። ከሥራ ሰዓት በኋላ ክፍሉን እንድትጠቀም ፈቀድኩላት።

አንድ ነገር ልናገር፣ ሰበብ ግን አይሁንብኝ። እኔ በተማርኩበት ጊዜ ፊዚክስ ክፍል ውስጥ ብቸኛዋ ሴት ነበርኩ። ሳልፍ «አስተማሪው አዝኖላት ነው» ይሉ ነበር። ያ ቃል እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለ። ስለዚህ ሴት ተማሪ ሲመጣብኝ እጠነክራለሁ። አንድ ነጥብ እንኳ በስጦታ እንዳላገኙ ራሳቸው እንዲያውቁት ነው ብዬ አስብ ነበር። ጥሩ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር፤ ወይ ሞኝነት!

ፈተናው ለየብቻ ነበር። የሌዘሩን የሞገድ ርዝመት ለክተህ ማምጣት ነው። የሌዘሩ ሳጥን ላይ የተለጠፈው ወረቀት ስድስት መቶ ሠላሳ ሁለት ነጥብ ስምንት ናኖሜትር ይላል፤ መማሪያ መጽሐፉም እንደዚያው። ከሁለት በመቶ በላይ የሳተ ይወድቃል። ተማሪዎቹ ሁሉ መቶ ቀለበት ቆጠሩ። መቶ ቀለበት ሲቆጠር መስታወቱ ሠላሳ ሁለት ማይክሮን ገደማ ይሄዳል፣ የማዞሪያዋ ትንሿ ጭረት ደግሞ አንድ ማይክሮን ናት። «ሠላሳ ሁለት» ብለው ጻፉ፣ ስድስት መቶ አርባ ወጣላቸው፣ ከመጽሐፉ ብዙ አይርቅም፣ አለፉ። ሎዛቸውን እየበሉ ወጡ።

እሷ መቶ አልቆጠረችም። አራት መቶ ቆጠረች። ብዙ በቆጠርክ ቁጥር የጭረቷ ስሕተት ያንሳል፤ ይህን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ ማንም ግን አድርጎት አያውቅም። ከመጀመሯ በፊት ደግሞ ማዞሪያውን አንድ ሙሉ ዙር አዞረች፣ ከዚያ እጇን አንስታ ለአምስት ደቂቃ ዝም ብላ ቀለበቶቹን ተመለከተች። «ምን እየጠበቅሽ ነው?» አልኳት። «ሳልነካቸው ይንቀሳቀሱ እንደሆነ ለማየት ነው» አለችኝ። አልተንቀሳቀሱም። እኔ በሙቀቱ ትዕግሥቴ አልቋል፣ ከኋላዋ ስድስት ተማሪ ተሰልፏል። ያን አምስት ደቂቃ እንደ ትዕቢት ቆጠርኩባት፤ እውነቴን ነው።

ከዚያ ጀመረች። ከንፈሯ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። በሶማሊኛ ነው የምትቆጥረው፦ ኮው፣ ለባ፣ ሰደህ፣ አፈር፣ ሸን… ቶበን፣ አሥር ላይ ስትደርስ አንድ ሎዝ። ደግሞ ከኮው። አርባ ሎዝ አሳለፈች። መቶ ሠላሳ ማይክሮን ብላ ጻፈች። አባዛች፣ አካፈለች፣ ስድስት መቶ ሃምሳ ወጣ።

ሁለት ነጥብ ሰባት በመቶ ስታለች ማለት ነው።

ወረቀቷን አየሁና ወዲያው ሒሳቡን ሠራሁ፤ በዚህ ፈጣን ነኝ። መስታወቱ መቶ ሠላሳ ማይክሮን ከሄደ፣ መጽሐፉ ትክክል ከሆነ፣ አራት መቶ አሥራ አንድ ቀለበት ማለፍ ነበረበት። «አሥራ አንድ ቀለበት ዘለሻል» አልኳት።

«አልዘለልኩም፣ ቲቸር።»

«ታዲያ አሥራ አንዱ የት ሄደ? ሎዝ መስሎሽ በላሽው?» ከኋላ ያሉት ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

በማግስቱ ጠዋት ሌላ ዕድል ሰጠኋት። ደግ ነኝ ብዬ ነው እንግዲህ። አጠገቧ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ደግማ አራት መቶ ቆጠረች፣ ደግማ መቶ ሠላሳ። ያን ጊዜ ነው የማይረሳኝን ነገር የተናገርኩት። «በሶማሊኛ ስለምትቆጥሪ ነው» አልኳት። «ምላስሽ ይቸኩላል፣ ዓይንሽ ይቀራል። በአማርኛ ቁጠሪ።» ቀና ብላ አየችኝ። ለሦስተኛ ጊዜ በአማርኛ ቆጠረች፣ ቀስ ብላ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አንድ ሰዓት የሚጠጋ ፈጀባት። ላቧ በሻርፗ ጠርዝ ላይ ይታየኛል። መቶ ሠላሳ ለግማሽ ጭረት ጉዳይ።

«ምናልባት መብራቱ ይሆን እንዴ፣ ቲቸር?» አለች። «ሌዘሩ ሌላ ቢሆንስ?»

ሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጣቴ መታ መታ አደረግኩላት። «ማንበብ አትችዪም? ተጽፏል እኮ። ከመጽሐፍ ልትበልጪ ነው?»

ከዚያ ግን ራሴም አዘንኩና ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። «ስሚኝ። መቶ ብቻ ቁጠሪ፣ እንደ ጓደኞችሽ። ‹ዘልዬ ነበር› በዪኝና መቶውን እቀበልሻለሁ፣ ታልፊያለሽ።» በሩን ከፍቼላት ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነበር የቀራት።

እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ወላሂ አራት መቶ ነው» አለች። «ወላሂ፣ ቲቸር። አንድም አልዘለልኩም።»

«በቀለበት ጉዳይ አላህን ትጠሪያለሽ? ስሕተት ላይ ትምያለሽ?» ብዬ ጮህኩባት። በቀይ እስክሪብቶ «ወድቃለች» ብዬ ጻፍኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የተጻፈማ የባሰ ነው። የተግባር ፈተና የወደቀ አይመረቅም፣ በዓመቱ መድገም አለበት። እሷ ግን በዓመቱ አልመጣችም። የትምህርት ቤቱንም ቦታ ሌላ ሰው ወሰደው።

የሚያባንነኝ ነገር ከዚያ በኋላ ነው የጀመረው፤ የጀመረው ደግሞ ምንም ስሕተት መሥራቴን ሳላውቅ ነው። እዚያ ክፍል ለማስተካከል ብቻዬን ስገባ፣ ረፋድ ላይ፣ ሌዘሩን አብርቼ ቁጭ ስል ቀለበቶቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ። ማንም ማዞሪያውን አልነካም። አንድ ተዋጠ። ቆየት ብሎ ሌላ። ምክንያቱን አውቃለሁ፤ ክፍሉ ሲሞቅ ብረቱ ይለጠጣል፣ መስታወቱ በፀጉር ሽራፊ ያህል ይሸሻል። ለተማሪ እንደዚያ ነው የማስረዳው። ብረት ሲለጠጥ ግን ቀስ እያለ ወደ አንድ በኩል ነው የሚሄደው። አንድ ቀን አራት ቀለበቶች ቶሎ ቶሎ ተዋጡ፣ ቆሙ፣ ከዚያ አራቱም ከመሐል ተመልሰው ወጡ። ሰው መጥቶ በብርሃኑ መንገድ አጠገብ ቆሞ፣ ሙቀቱን ትቶ፣ ዞር ሲል የሚሆነው ልክ እንደዚያ ነው። ዞሬ አየሁ። በሩ ዝግ ነው። ክፍሉን ቆልፌ ወጣሁና ኮሪደሩ ላይ ውኃ ጠጣሁ።

ሌላ ቀን ደግሞ ስቆጥር ራሴን ሰማሁት። ሃምሳ ቀለበት ልፈትሽ ብዬ በአማርኛ ጀምሬ፣ ሳላስበው «ኮው፣ ለባ፣ ሰደህ» እያልኩ ነበር። እኔ ሶማሊኛ የማውቀው ለገበያ ያህል ነው። ድምፁ ግን ከኔ አፍ አልመሰለኝም፣ ከጎኔ ነው የመጣው፤ ባዶው ወንበር ካለበት በኩል። አቦ፣ ሳቁብኝ ከፈለጋችሁ። ወንበሩን አውጥቼ ሌላ ክፍል አስገባሁት። ከዚያ ወንበሩ የነበረበት ቦታ ባሰ።

ቀን ቀንን እየተካ እንዲህ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። መብራት ድሬ ላይ እንደልቡ ይሄዳል፣ ይመጣል፤ አንድ ጠዋት ሲመጣ ሌዘሩ ብልጭ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ተማሪ ውጪ ይጠብቃል። ጠመንጃ መፍቻ ይዤ ሳጥኑን ፈታሁ።

ውስጡ መኖር የነበረበት ረጅም የብርጭቆ ቱቦ ነው። ቱቦው የለም። በቦታው እንደ ጣቴ ያለ ትንሽ የናስ ቁራጭ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በሙጫ ተጣብቆ ተቀምጧል፤ ርካሽ የእጅ ሌዘር ነው። ናሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ለማንበብ መነጽሬን ሁለት ጊዜ ጠረግኩ። ስድስት መቶ ሃምሳ ይላል።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ቀይና ቀይ ነው፤ በዓይን አይለይም። በቀለበት ብቻ ነው የሚለየው፣ ያውም ብዙ ከቆጠርክ።

ከእኛ ዘንድ ወጥቶ አሁን ጅግጅጋ የሚሠራው የድሮው ቴክኒሻን ጋ ደወልኩ። «ወይኔ!» አለኝ፣ እየሳቀ። «አልነገርኩሽም እንዴ? ቱቦው ተቃጠለ፣ ፈተና ደርሶ ነበር፣ እዚያው ድሬ ታይዋን ገበያ ያገኘሁትን ትንሽ ሌዘር አስገባሁ። ለጊዜው ብዬ ነው።»

«ለጊዜው?»

«ሃምሳው ቀለበት ይወጣልሽ የለ እንዴ? ምን ጎደለብሽ?»

እሱን መስደብ ፈለግኩ፤ ስልኩን ዘጋሁ። እውነቱን ነው፤ እኔ ለማሳያ ሁልጊዜ ሃምሳ ብቻ ነው የምቆጥረው። ሃምሳ ቀለበት በዚህም ሌዘር በዚያም ሌዘር አሥራ ስድስት ማይክሮን አካባቢ ነው፤ ልዩነቱ ከግማሽ ጭረት ያነሰ። ለዓመታት ከመጽሐፉ ጋር ተስማማ እያልኩ ነበር፤ ዕቃው ግን ያለው ሌላ ነገር ነው። እሷ ሦስት ጊዜ አራት መቶ ስትቆጥር እኔ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። አብሬያት ቆጥሬ ቢሆን ኖሮ በዚያው ሰዓት አውቀው ነበር። አልቆጠርኩም። ግድግዳውን አይደለም ያየሁት፣ አፏን ነበር የማየው፤ ሶማሊኛው መቼ እንደሚሰናከል እየጠበቅኩ።

የላላውን ሽቦ አጠበቅኩና ተማሪዎቹን አሰናብቼ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ። አንድ ዙር አዞርኩ፣ እጄን አንስቼ አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ፣ ከዚያ አራት መቶ ቆጠርኩ። መቶ ሠላሳ። ደገምኩ። መቶ ሠላሳ። እስከዚያ ቀን ድረስ እዚያ ክፍል ውስጥ የሚጎበኘኝ ነገር ምን እንደፈለገ አላውቅም ነበር። የዚያን ቀን አንድም ቀለበት ያለ እጄ አልተንቀሳቀሰም፤ ይህ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ አስፈራኝ። አለቀስኩ፣ በሻሼ ፊቴን ጠረግኩ፣ ወደ ክፍል ኃላፊው ሄድኩ።

ኃላፊው ወጣት ነው፣ አከበረኝ፣ ደነገጠም። ውጤቷ እንዲታረምና ምሩቅ መሆኗ እንዲመዘገብ ደብዳቤ አስጻፈ። ሁለት ሳምንት ፈጀ። ማኅተሙ ሲደርቅ ደብዳቤውን በጠንካራ ፖስታ አድርጌ በሚኒባስ መልካ ጀብዱ ሄድኩ። የሾፌሩን ልጅ ብዬ ስጠይቅ ሦስት ሰው በሦስት ቋንቋ መንገድ አሳየኝ።

የጨርቅ ሱቅ ውስጥ ነበረች። የአጎቷ ሱቅ ነው። አግብታለች፤ ጥግ ላይ ሕፃን በጨርቅ መሐል ተኝቷል። አንዲት ደንበኛ ለድርዕ፣ ለሶማሌ ሴቶች ሰፊ ቀሚስ፣ የሚሆን ስስ ጨርቅ ልትወስድ ቆማለች። ልጅቷ ጨርቁን በሜትር ዘንግ ለካች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እስከ ስድስት። ሳትቆርጥ ግን ወደ ጎረቤት ሱቅ ተጣራች። አንዲት ሴት መጣች፣ ስድስቱን ደግማ ለካች፣ «ልክ ነው» ብላ ሄደች። ያኔ ቆረጠች። ደንበኛዋ ስትወጣ «ይቺ ልጅ እኮ ሰው ሳይቆጥርላት አትቆርጥም» ብላ ሳቀችልኝ።

አየችኝ። «ቲቸር!» አለች፣ በደስታ፣ እንደ ዘመድ። ወንበር ሰጠችኝ፣ ቀዝቃዛ ውኃ አስመጣች። ብትቆጣ የምለውን በመንገድ ላይ ስለማመድ ነው የመጣሁት፤ ለፈገግታዋ የተዘጋጀሁት ነገር አልነበረኝም።

ሁሉንም ነገርኳት። ቱቦውን፣ ናሱን፣ ስድስት መቶ ሃምሳውን። «ልክ ነበርሽ» አልኳት። «አንድም አልዘለልሽም። የሳትኩት እኔ ነኝ። ይቅር በዪኝ።» ፖስታውን ጨርቁ ላይ አስቀመጥኩ።

ሕፃኑ ተገላበጠ፤ ሄዳ ሸፈነችውና ተመለሰች።

«የዚያን ቀን ማታ» አለች፣ «አባቴ ከጅቡቲ ገባ። መውደቄን ነገርኩት። ‹ሴትየዋ በድላሽ ነው ወይስ አንቺ ስተሽ ነው?› አለኝ። ‹በድላሽ ከሆነ ነገ መኪናዬን ኮሌጁ በር ላይ አቆማለሁ፣ አንድ ዓመትም ትደግሚያለሽ፣ እኔ እከፍላለሁ። ብቻ ልክ መቁጠርሽን ማዪልኝ› አለኝ።»

«እና?»

«አልማልኩም።»

«ለምን? እኔ ፊት ምለሽ ነበር እኮ!»

«አንቺ ፊትማ ምዬ ነበር፣ ቲቸር። ከዚያ በኋላ ነው የፈራሁት። ሃያ ዓመት አስተምረሻል፣ መጽሐፉም ሳጥኑም ካንቺ ጋር ናቸው። በየት በኩል ልክ ልሆን እችላለሁ? አምኜሽ ነበር። ‹በስሕተት ላይ አላህን ጠራሁ› አልኩ። አባቴን ‹እኔ ነኝ የሳትኩት፣ አስተማሪዋ ልክ ናት› አልኩት። ለመሐላዬ ማካካሻ ብዬ ሦስት ቀን ጾምኩ።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ ብትተፋብኝም ይሻለኝ ነበር። ያ ልጅ በእውነት ላይ ለማለችው መሐላ በድሬ ሐሩር ሦስት ቀን ውኃ ሳትቀምስ ውላለች፣ እኔ ደግሞ በዚያ ሳምንት የሌሎቹን ውጤት እያስገባሁ ሻይ እጠጣ ነበር። ዓይኔ ሞላ፤ እንዳታየኝ ብዬ ወደ በሩ ዞርኩ።

«አባትሽ መቼ ነው የሚገባው?» አልኳት በመጨረሻ። «ደብዳቤውን አሳዪው። አሁን ልትምዪለት ትችያለሽ።»

ፖስታውን አነሳች፣ ሳትከፍተው በሁለት እጇ ያዘችው፣ ከዚያ መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«ሐሙስ ይገባል» አለች። «እኔ አንዴ ምያለሁ። አንቺ ነይና ማዪለት።»